እጅ እናወጣለን፦ ለስድስት ዓመት ልጅ የሚገባ የክፍል ደንብ አጻጻፍ

በብዙ የመዋዕለ ሕፃናትና የዜሮ ክፍል ግድግዳዎች ላይ አንድ የታወቀ ወረቀት ተለጥፎ ይገኛል። ርእሱ «የክፍል ደንብ» ይላል። ከሥሩ አሥር ወይም አሥራ ሁለት መስመሮች በተራ ቁጥር ተሰልፈዋል፦ መጮኽ ክልክል ነው፤ መሯሯጥ ክልክል ነው፤ መማታት ክልክል ነው፤ ሳይፈቀድ መናገር ክልክል ነው፤ አርፍዶ መምጣት ክልክል ነው። ቋንቋው በየአጥሩና በየሕንፃው መግቢያ ከምናየው ማስታወቂያ የተወሰደ ነው። የጻፈው አዋቂ ነው፤ አንብቦ ሊረዳው የሚችለውም አዋቂ ብቻ ነው። የስድስት ዓመቱ ልጅ ገና ፊደል እየለየ ስለሆነ ወረቀቱ ለእሱ የግድግዳው ክፍል ነው።

ይህን ወረቀት ለልጁ እንዲሆን አድርጎ መጻፍ ይቻላል። ሥራው ግን ብዙዎች እንደሚያስቡት «አታድርግ»ን በ«አድርግ» መተካት ብቻ አይደለም። የአማርኛችን አሠራር፣ የልጁ የማስታወስ አቅምና የክፍሉ ኑሮ አንድ ላይ መታየት አለባቸው።

በመጀመሪያ አንድ በሰፊው የሚነገር አባባል እናጥራ። «የሕፃን አእምሮ ‹አት›ን አይሰማም፤ ‹አትሩጥ› ስትለው ‹ሩጥ› ብቻ ነው የሚሰማው» ሲባል እንሰማለን። ለስድስት ዓመት ልጅ ይህ እውነት አይደለም። የሶቪየቱ የሥነ ልቦና ሊቅ አሌክሳንደር ሉሪያ ትንንሽ ልጆችን የጎማ ኳስ አስይዞ «ጭመቅ»፣ «አትጭመቅ» እያለ ባጠናበት ጊዜ፣ ሦስት ዓመት ገደማ የሆናቸው ልጆች «አትጭመቅ» ሲባሉ መጭመቃቸውን መግታት ይቸግራቸው እንደነበር ተመልክቷል። ከፍ ያሉት ልጆች ግን ይህን ችግር እየተዉት ይሄዳሉ። ስድስት ዓመት የሞላው ልጅ «አትሩጥ» የሚለውን ቃል በደንብ ይረዳል፤ ስትናገሩት ቆም ሲልም ታዩታላችሁ።

ችግሩ የሚመጣው ከቆመ በኋላ ነው። «አትጩኹ» የተባለ ልጅ መልሱን ያውቃል፤ እየነደደው ነው፤ እንዴት አድርጎ ለቲቸር ያድርሰው? «አትማታ» የተባለው ልጅ እርሳሱን ተነጥቋል፤ እጁን ሰበሰበ፣ ከዚያስ? ክልከላው አንድ ድርጊት ያግዳል እንጂ በቦታው የሚሠራውን አይነግርም። አዋቂ ሰው ክፍተቱን ከልምዱ ይሞላዋል። ትምህርት ቤት ከገባ ሁለት ሳምንት የሆነው ልጅ ግን የሚሞላበት ልምድ የለውም፤ ስለዚህ የሚያውቀውን መልሶ ያደርጋል። የአዎንታዊ አነጋገር ጥቅሙ ደግ መስሎ መታየቱ አይደለም፤ ለልጁ የሚሠራውን ነገር በእጁ መስጠቱ ነው።

በአማርኛ ደግሞ ሌላ ምክንያት አለ። አሉታችን የሚቀመጠው በቃሉ ጫፍና ጫፍ ላይ ነው። «እንሮጣለን» እና «አንሮጥም» በሚሉት ሁለት ቃላት መጀመሪያ ላይ ያለው ልዩነት የ«እ» እና የ«አ» ልዩነት ነው፤ ይህም ገና ፊደል ለሚቆጥር ልጅ አንዲት ትንሽ ጭረት ናት። መሐሉ ላይ «ሮጥ» የሚለው ክፍል እንዳለ አለ። ልጁ ቃሉን ከግድግዳ ሲያነብ በቶሎ የሚለየው ያንን መሐል ነው። ስዕሉ ደግሞ ብዙ ጊዜ ነገሩን ያባብሰዋል፦ የሚሮጥ ልጅ ይሳልና በላዩ ላይ ቀይ መስመር ይሰመርበታል። ከርቀት ለሚያይ ሕፃን ጎልቶ የሚታየው ሯጩ ነው።

እንግዲህ አንድ ክፍል እናስብና ሥራውን ከመጀመሪያው እንሥራው። ሃምሳ ልጆች ያሉበት የዜሮ ክፍል ነው፤ አንድ በር፣ አንዲት መምህርት፣ በአንድ ዴስክ ሦስት ሦስት ልጅ። ግድግዳው ላይ አሥር ክልከላዎች አሉ።

የመጀመሪያው ሥራ መቀነስ ነው። የስድስት ዓመት ልጅ አሥር መስመር በአእምሮው ይዞ አይዞርም፤ ሦስት ወይም አራት ይበቃዋል። ከአሥሩ ውስጥ መጀመሪያ የሚወጡት ልጁ ራሱ ሊፈጽማቸው የማይችላቸው ናቸው። «አርፍዶ መምጣት ክልክል ነው» የሚለው ለልጁ መጻፉ ልክ አይደለም። ጠዋት የሚቀሰቅሰው፣ የሚያለብሰውና ታክሲ የሚያሳፍረው ሌላ ሰው ነው፤ ይህ ለወላጅ በደብተር የሚላክ መልእክት ነው። «የደንብ ልብስ አሟልቶ መልበስ» እና «ንጹሕ ሆኖ መምጣት»ም እንደዚሁ። ልጅ በማይዘው ጉዳይ ሲወቀስ የሚማረው የሚወቀስ መሆኑን ብቻ ነው። እነዚህ ሲወጡ ከአሥሩ ሰባት ይቀራሉ።

ቀጥሎ መምህርቷ ክፍሏን ትመለከት። ከጠዋት እስከ ምሳ ደጋግመው የሚያስቸግሯት የትኞቹ ናቸው? በዚህ ክፍል አራት ነገሮች ይጎላሉ። ጥያቄ ስትጠይቅ ሁሉም በአንድ ጊዜ «ቲቸር እኔ! ቲቸር እኔ!» እያሉ ይነሣሉ። የእረፍት ደወል ሲደወል በሩ ላይ ይገፋፋሉ። አንዱ የሌላውን እርሳስና ላጲስ ያነሣል። በዚህም ሆነ በሌላ ሲናደዱ ይማታሉ። ደንቡ ከእነዚህ ከአራቱ መውጣት አለበት። ሌላ ትምህርት ቤት የለጠፈውን ወይም ከሱቅ የተገዛውን መስቀል የማይጠቅመው ለዚህ ነው፤ የሌላ ክፍል ችግር መልስ ይሆናል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚገባበት ወጥመድ አለ። ክልከላን የሚሸሽ ጸሐፊ ቶሎ ብሎ ትልልቅ ቃላት ውስጥ ይገባል፦ «እርስ በርስ እንከባበር»፣ «ሥነ ሥርዓት ይኑረን»፣ «ኃላፊነት ይሰማን»፣ «ጨዋ እንሁን»። በአሜሪካ ብዙ ትምህርት ቤቶች ደኅንነትን፣ አክብሮትንና ኃላፊነትን እንደ ሦስት ምሰሶ ይለጥፋሉ፤ ነገር ግን እዚያም እያንዳንዱ ቃል በመመገቢያው፣ በኮሪደሩና በመጸዳጃው ምን ማለት እንደሆነ በዝርዝር ተጽፎ ልጆቹ እንዲለማመዱት ይደረጋል። ቃሉን ብቻ ተርጉሞ መለጠፍ ግማሹን ሥራ መተው ነው።

«ጨዋ ሁኑ» የሚለው ለእኛ ልጆች በተለይ አስቸጋሪ ነው። በብዙ ቤት ጨዋ ልጅ የሚባለው ትልቅ ሰው ባለበት ዝም የሚል፣ ዓይኑን ሰበር የሚያደርግ፣ ካልተጠየቀ የማይናገር ነው። መምህርቷ የምትፈልገው ልጅ ደግሞ እጁን አውጥቶ የሚናገር፣ ያልገባውን የሚጠይቅ ነው። ልጁ «ጨዋ ሁን» ሲባል የቤቱን ትርጉም ይዞ ዝም ቢል ታዛዥ ሆኗል፤ ትምህርቱ ግን አመለጠው። «ቲቸርን ዓይን ዓይኗን እናያለን» ብሎ ከውጭ ፖስተር መቅዳትም ከዚሁ ልማድ ጋር ይጋጫል። «ወደ ቲቸር እንዞራለን» ቢባል ልጁ ከቤቱ ይዞት ከመጣው ጋር ሳይጣላ ይፈጽመዋል።

አንድን መስመር ለመፈተን ቀላል መንገድ አለ፦ ልጁን «አሳየኝ» በሉት። «እጅ እናወጣለን» ሲባል እጁን ያወጣል። «ኃላፊነት ይሰማናል» ሲባል ያያችኋል። በፎቶግራፍ ሊነሣ የማይችል መስመር ከስድስት ዓመት ልጅ ግድግዳ ላይ መውረድ አለበት። «ዝም እንላለን» እንኳ ይህን ፈተና በደንብ አያልፍም፤ ዝም ያለ ልጅ እየሰማ ይሁን እያንቀላፋ ፎቶው አይነግረንም።

አሁን አራቱን ችግሮች አንድ በአንድ እንጻፍ። የጩኸቱ ቀላል ነው፤ ትምህርት ቤቱ ራሱ የለመደው ቃል አለ፦ «እጅ እናወጣለን።» ትእዛዝ አድርጎ «እጅ አውጡ» ማለትም ይቻል ነበር፤ አጭርም ነው። ነጠላው ትእዛዝ ግን ወንድና ሴት ይለያል፤ «አውጣ» ብንል ሴቶቹን፣ «አውጪ» ብንል ወንዶቹን ይተዋቸዋል። ብዙ ቁጥሩ ሁሉንም ቢያቅፍም ተናጋሪዋን ውጭ ያስቀምጣታል። «እናወጣለን» ግን መምህርቷንም ልጆቹንም ያስገባል፤ ክፍሉ እንዲህ ነው የሚያደርገው የሚል ወግም ይሆናል። የመጨረሻው «ለን» በየመስመሩ ሲመላለስ ቤት ስለሚመታ ልጁ በጆሮው ይይዘዋል።

ለበሩ ግፊያ መጀመሪያ የሚመጣው «በተራ እንወጣለን» ነው። ይህን ከመጀመሪያው መስመር ጎን አስቀምጡት፦ እናወጣለን፣ እንወጣለን። ልዩነታቸው «ና» እና «ን» ብቻ ነው። ለአዋቂ ችግር የለውም፤ ፊደል ለሚለምድ ልጅ ግን ሁለቱ መስመሮች አንድ ይሆኑበታል። ስለዚህ «ተራ እንጠብቃለን» ይሻላል። ደግሞም በሩ ላይ ብቻ አይወሰንም፤ ለውኃ ቧንቧውም፣ ለመጸዳጃውም፣ ለጥያቄውም ያገለግላል። አንድ መስመር ሦስት አራት ቦታ ሲሠራ ሌሎች መስመሮችን ይቆጥባል።

ለእርሳሱ «የሰው ዕቃ አትንኩ» የሚለውን ምን ይተካው? ልጁ የፈለገው ላጲስ ነው፤ መፈለጉ ኃጢአት የለበትም። የጎደለው መንገዱ ነው። «ጠይቀን እንወስዳለን» ቢባል ፍላጎቱን ሳይነቅፍ መንገዱን ያሳየዋል። «እናካፍላለን» ከሚለውም ይበልጣል፤ ምክንያቱም ማካፈል የሰጪው ፈቃድ ነው፤ እርሳሷን አልሰጥም ያለች ልጅ ደንብ አፍራሽ ልትባል አይገባም።

ከሁሉም የሚከብደው የምቱ ነው። የ«አትማታ» ተቃራኒ «ተዋደዱ» ይመስላል፤ ግን የተናደደ ልጅ በዚያች ደቂቃ መዋደድ አይችልም። «እጃችንን ለራሳችን እናደርጋለን» የሚለውም ከባዕድ ቋንቋ ቃል በቃል የመጣ ስለሆነ በአማርኛ ምንም አይጨብጥም። ምቱን የወለደው ስሜት መውጫ ያስፈልገዋል። ስለዚህ «ሲከፋን እንናገራለን።» ምን ብሎ እንደሚናገርም አብሮ መማር አለበት፤ ለምሳሌ «አመመኝ፣ ተው» ወይም «የኔ ነው፣ መልስልኝ»። ያ ካልሠራ ወደ ቲቸር ይመጣል። ልጆች መንገርን እንደ ማሳበቅ ስለሚያዩት መምህርቷ ለይታ ልታስረዳቸው ይገባል፦ ጓደኛን ለማስቀጣት መንገር ሌላ ነው፤ ተመትቶ እርዳታ መጠየቅ ሌላ ነው።

ፖስተሩ እንግዲህ ይህ ነው፦

እጅ እናወጣለን።
ተራ እንጠብቃለን።
ጠይቀን እንወስዳለን።
ሲከፋን እንናገራለን።

እያንዳንዱ መስመር ሁለት ቃል ነው። አራት መስመር፣ ከአውራ ጣት በቀር በአንድ እጅ ጣቶች የሚቆጠር። ተራ ቁጥር አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው ስዕል ነው፤ ምክንያቱም ሁሉም መስመሮች ተመሳሳይ መጨረሻ ስላላቸው ማንበብ ለማይችለው ልጅ የሚለያቸው ስዕሉ ይሆናል። ከሁሉም የሚሻለው የክፍሉ ልጆች ራሳቸው ድርጊቱን ሲፈጽሙ የተነሡት ፎቶ ነው፤ ወላጅ ሲፈቅድ። ካልሆነም በእርሳስ የተሳለ አንድ እጅ፣ የተሰለፉ ሦስት ልጆች፣ የተዘረጋ መዳፍ፣ የተከፈተ አፍ ይበቃል። ስዕሉ ትክክለኛውን ድርጊት ብቻ ያሳይ፤ ስሕተቱን ስሎ በቀይ መሰረዝ አይገባም።

ቃላቱ አጭር ይሁኑ ሲባል እስከ የትም ማሳጠር ግን አይደለም። ለምሳሌ ማዳመጥን በ«ስሙ» መጻፍ ሁለት ፊደል ብቻ ስለሆነ ያጓጓል። ነገር ግን ያለ ድምፅ በግድግዳ ላይ ሲነበብ ልጁ የሰው ስም አድርጎ ሊያነበው ይችላል። «እንሰማለን» ቢረዝምም አያሳስትም። በተመሳሳይ «በእርጋታ እንራመዳለን» የመጽሐፍ ቋንቋ ነው፤ ልጁ ቤቱ የሚሰማው «ቀስ ብለን እንሄዳለን» የሚለውን ነው። ቤታቸው ሌላ ቋንቋ የሚነገር ልጆች ባሉበት ክፍል ይህ ምርጫ ይበልጥ ይከብዳል፤ እነሱ መጀመሪያ የሚያውቁት የመንደሩንና የጨዋታውን አማርኛ ነው።

ወረቀቱ የሚሰቀልበት ቦታም የአጻጻፉ አካል ነው። የስድስት ዓመት ልጅ ቁመት ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሜትር ከአሥር ብዙ አይርቅም፤ ዓይኑ አንድ ሜትር ገደማ ላይ ነው። ብዙ ፖስተሮች ግን ከሰሌዳው በላይ፣ ለጎብኚ በሚመች ከፍታ ላይ ይሰቀላሉ። ዝቅ ይበል፤ ልጁ በጣቱ ሊነካው ይችል ዘንድ። ከኋላ ዴስክ እንዲታይም ፊደሉ ቢያንስ አምስት ሴንቲሜትር ይርዘም፤ ፊደላችን ጭረቱ ጥቃቅን ስለሆነ «ጠ»ና «ጣ» ከሩቅ እንዲለዩ ወፍራም ማርከር ያስፈልጋል።

ከዚህ በኋላ ማስተማር ይመጣል፤ ያለ እሱ ይህ ሁሉ ወረቀት ነው። በመስከረም የመጀመሪያ ሳምንት በቀን አንድ መስመር ይበቃል። መምህርቷ መስመሩን ታነባለች፤ እጇን አውጥታ ታሳያለች። ከዚያ ስሕተቱን ራሷ ታሳያለች፤ ዘላ ተነሥታ «እኔ! እኔ!» ትላለች፤ ልጆቹ ይስቃሉ፤ «ይህ ነው?» ብላ ትጠይቃለች። ስሕተቱን ልጅ እንዲያሳይ አለማድረግ ጥሩ ነው፤ የተለማመደው ነገር ይቀርበታልና። ትክክለኛውን ግን ሁሉም ይለማመዱ፤ ተራ መጠበቁንም እዚያው በሩ ላይ። ልጆቻችን በኅብረት ድምፅ መቀበልን ከቄስ ትምህርት ቤት ጀምሮ የቆየ ልማድ አድርገውታል፤ አራቱን መስመሮች በዜማ ለማለት አንድ ቀን አይፈጅባቸውም። ይህ ሀብት ነው፤ አደጋም አለው። ቃሉ በአፍ ብቻ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ እያንዳንዱ መስመር ከእጅ ምልክት ጋር ይባል፤ የመጀመሪያው እጅ ሲያወጣ፣ ሁለተኛው ደረት ላይ እጅ ሲያኖር፣ ሦስተኛው መዳፍ ሲዘረጋ፣ አራተኛው አፍ ሲነካ።

መሥራቱ በሁለት መንገድ ይታወቃል። በሦስተኛው ሳምንት ገደማ ፖስተሩን ሸፍና አንድን ልጅ ለብቻው «ላጲስ ስትፈልግ ምን ታደርጋለህ?» ብላ ትጠይቀው። መስመሩን ደግሞ ማሳየት ካልቻለ ዜማው ብቻ ገብቶታል። ሁለተኛው መንገድ ጥፋቱ የት እንደሚበዛ ማየት ነው። አንድ ወይም ሁለት ልጆች ሲያስቸግሩ እነሱን ማገዝ ያስፈልጋል። ግማሹ ክፍል በአንድ ቦታ፣ በአንድ ሰዓት መስመሩን ሲያፈርስ ግን ጥፋቱ የአደረጃጀቱ ነው። ሃምሳ ልጆች በአንድ ደወል ወደ አንድ በር ከተለቀቁ የትኛውም ቃል አያቆማቸውም፤ በረድፍ በረድፍ ሲለቀቁ «ተራ እንጠብቃለን» የሚፈጸም ነገር ይሆናል።

ፖስተሩን በብዛት የሚያፈርሰው ግን ሌላ ነው፤ የመምህርቷ የራሷ ምላሽ። ግድግዳው «እጅ እናወጣለን» ይላል፤ መልሱን ጮኾ የተናገረው ልጅ ግን «ጎበዝ! ትክክል!» ይባላል። ክፍሉ በዚያች ቅጽበት እውነተኛውን ደንብ ተማረ፦ የሚጮኽ ያሸንፋል። እጇን አውጥታ ዝም ብላ የጠበቀችዋን ልጅ ፈልጎ «እጅሽን አውጥተሽ ጠበቅሽ፤ እስኪ ንገሪን» ማለት ከአሥር ተግሣጽ ይሻላል። «ጎበዝ» ብቻውን ልጁ ለምን እንደተመሰገነ አይነግረውም። አንድ ልጅ ሲያጠፋም ወደ ስዕሉ ማመልከትና «ምን እናደርጋለን?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል፤ ልጁ መልሱን ተናግሮ እንደገና እንዲያደርገው ዕድል ይሰጠው። «እኛ» ያለችው መምህርትም በቃሉ ውስጥ መሆኗን ልጆቹ ይከታተላሉ፤ እርሳስ ስትወስድ ጠይቃ ትውሰድ።

ከመስቀል፣ ከገናና ከግማሽ ዓመት እረፍት በኋላ አራቱን መስመሮች አንድ ጠዋት ሰጥቶ እንደገና መለማመድ ያስፈልጋል። ልጆች በእረፍት ይረሳሉ፤ ይህ አለመታዘዝ ተደርጎ መቆጠር የለበትም።

ክልከላ ፈጽሞ ይጥፋ ማለትም አይደለም። የተላጠ ሽቦ ወይም የተሰበረ መስኮት ያለበት ክፍል ውስጥ «አትንካ» ግልጽ፣ ፈጣንና ትክክለኛ ቃል ነው። አደጋ ባለበት ጊዜ አዎንታዊ ዐረፍተ ነገር መፈለግ ጊዜ ያባክናል። እንዲህ ያለው ክልከላ ኃይሉን የሚያገኘው ግን አልፎ አልፎ ሲሰማ ነው፤ ቀኑን ሙሉ «አት…» ሲባል የዋለ ልጅ አደገኛውን ከተራው መለየት ያቅተዋል።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል። አርጩሜው ከክፍል ሲወጣ ቦታውን የሚወስድ ነገር ለመምህራኑ መሰጠት አለበት። ርእሳነ መምህራን ሆይ፣ በጳጉሜን የታተመ ፖስተር ገዝታችሁ በየክፍሉ አትስቀሉ። ለእያንዳንዷ መምህርት አንድ ትልቅ ወረቀት፣ ወፍራም ማርከርና የመስከረምን የመጀመሪያ ሳምንት ስጧት፤ ክፍሏን ካየች በኋላ አራት መስመሯን ራሷ ትጻፍ። ወላጆችም ልጃችሁን አራቱ መስመሮች ምን ምን እንደሆኑ ጠይቁትና ቤት ውስጥ በዚያው ቃል ተናገሩት።